በግራ ሚሊሜትር፣ በቀኝ ዲግሪ

የተከበራችሁ ከየወረዳው የመጣችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የሰብል ባለሙያዎችና የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዛሬ የምናገረው በእጃችሁ ስላለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለት መስመሮች ያሉት ግራፍ አለ። አንደኛው የወሩን ዝናብ፣ ሁለተኛው የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ያሳያል። ቁጥሮቹ የየትኛውም ጣቢያ መዝገብ አይደሉም፤ ለትምህርት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኋቸው ናቸው። አካሄዳቸው ግን እንደ ደብረ ብርሃን ያለ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ የሚያውቀው አካሄድ ነው፤ ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፣ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ይህን ግራፍ የመረጥሁት ስለ ውርጭ ነው። ባሶና ወራና፣ አንጎለላና ጠራ፣ መንዝ ውስጥ የምትሠሩ እንደምታውቁት፣ ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ ቆባውን ሳይሞላ ውርጭ ከያዘው የዓመቱ ልፋት በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ዝናቡ መቼ ያቆማል፣ ሌሊቱ መቼ ይበርዳል የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አብሮ ማየት ስለሚያስፈልግ ሁለቱ በአንድ ግራፍ ላይ ይሣላሉ። ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው። ዝናብ የሚለካው በሚሊሜትር፣ ሙቀት በዲግሪ ስለሆነ ለሁለቱ አንድ ቋሚ ዘንግ አይበቃም። ስለዚህ በግራ የዝናቡ፣ በቀኝ የሙቀቱ ዘንግ ተተክሏል።

እስቲ ወረቀቱን እንየው። አግድሙ ዘንግ ከየካቲት ተነሥቶ ጥር ላይ ያልቃል። ከመስከረም ያልጀመርሁት ክረምቱ ከሁለት ተቆርጦ ነሐሴ በአንድ ጫፍ፣ መስከረም በሌላው ጫፍ እንዳይቀር ነው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተደምራለች። የግራው ዘንግ ከ0 እስከ 300 ሚሊሜትር ሲሆን በየ50 ይቆጥራል። የቀኙ ከ0 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆን በየ2 ይቆጥራል። ስለዚህ አንድ እርከን ወደ ላይ ስንወጣ በግራ 50 ሚሊሜትር፣ በቀኝ 2 ዲግሪ ጨመርን ማለት ነው። ያልተቆራረጠው መስመር ዝናብ ነው፤ የተቆራረጠው ሙቀት ነው።

አሁን ጥቅምት ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ሁለት ነጥቦች አሉ። የላይኛው ሁለተኛው እርከን ላይ ነው፤ የታችኛው ከመጀመሪያው እርከን እኩሌታ ላይ ነው። የጥቅምት ዝናብ ስንት ነው?

ዓይን በልማዱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከሁለቱ ነጥቦችም ጎልቶ የሚታየውን የላይኛውን ይይዛል። ያን ነጥብ ወደ ግራ የወሰደ ሰው 100 ሚሊሜትር ብሎ ያነባል። ነገር ግን የላይኛው ነጥብ የተቆራረጠው መስመር ላይ ያለ ስለሆነ የሙቀት ነጥብ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲወሰድ 4 ዲግሪ ነው። ዝናቡ የታችኛው ነው፤ ወደ ግራ ሲነበብ 25 ሚሊሜትር ይሆናል። 25ን 100 ብሎ የጻፈ ባለሙያ ዝናቡን አራት እጥፍ አድርጎ ሪፖርት አደረገ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ከባድ የሚያደርገው 100 ሚሊሜትር በራሱ የማይታመን ቁጥር አለመሆኑ ነው። ዝናብ ዘግይቶ የወጣበት ጥቅምት ይኖራልና ሪፖርቱን የሚቀበለው ሰው አይጠረጥርም።

በተቃራኒውም ይሳሳታሉ። የዝናቡን ነጥብ ወደ ቀኝ የወሰደ ሰው 1 ዲግሪ ያነባል፤ ከዚያም ውርጭ ደረሰ ብሎ ገበሬውን ያስደነግጣል፣ ያልደረሰ ገብስ እንዲታጨድ ይመክራል። ግራፉ ያለው ግን 4 ዲግሪ ነው። (በነገራችን ላይ 4 ዲግሪም ቢሆን የሚያዝናና አይደለም። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ከመሬት ከፍ ብሎ በመጠለያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት የመሬቱና የቅጠሉ ገጽ ከዚያ አየር በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በዚያ ላይ 4 የወሩ አማካይ ስለሆነ ከእሱ በታች የወረዱ ሌሊቶች አሉ ማለት ነው። ይህ ግን በትክክል ካነበቡት በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።)

ስለዚህ ቁጥር ከማንበባችሁ በፊት መስመሩንና ዘንጉን አጋቡ። የመግለጫ ሳጥኑ ውስጥ መስመሩን ፈልጉ፣ ስሙን አንብቡ፣ ያ ስም ወይም መለኪያ ከየትኛው ዘንግ ጎን እንደተጻፈ እዩ። ከዚያ በነጥቡ ላይ ማስመሪያ አጋድማችሁ ወደዚያ ዘንግ ብቻ ውሰዱ፤ ሌላውን ዘንግ በእጃችሁ ሸፍኑት። ሁለተኛውን መስመር ስታነቡ ደግሞ እጃችሁን አዛውሩ። ለክፍል ተማሪዎች የማሠራው እንዲሁ ነው፤ ለዐዋቂም አያንስም።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በግራፉ ሜዳ ላይ የተሰመሩት አግድም ፍርግርግ መስመሮች ብዙ ጊዜ የግራው ዘንግ ናቸው። እኔ ሁለቱም ዘንጎች ስድስት ስድስት እርከን እንዲኖራቸው ስላደረግሁ ለሁለቱም ያገለግላሉ። ኮምፒውተሩ በራሱ ሲመርጥ ግን የቀኙን ዘንግ ከ2 እስከ 10 አድርጎ በአራት እርከን ሊከፍለው ይችላል። ያን ጊዜ የሙቀቱን ነጥብ በፍርግርጉ ተከትሎ ወደ ቀኝ የሄደ ሰው በሁለት ቁጥሮች መካከል ያርፋል፣ ወደሚቀርበው ያጠጋጋል፣ ይሳሳታል። በዚያ ላይ ዘንጉ ከ2 ስለሚጀምር የኅዳር 3 ዲግሪ ወለሉን ሊነካ ደርሶ ይታያል፤ ያየ ሁሉ ሙቀቱ አለቀ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ቁጥሩን በትክክል ያነበበውም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ነሐሴ ላይ የዝናቡ መስመር በላይ፣ የሙቀቱ በታች ነው፤ ዝናቡ 275 ሚሊሜትር፣ ሙቀቱ 9 ዲግሪ። መስከረም ላይ ዝናቡ 75 ሚሊሜትር፣ ሙቀቱ 7 ዲግሪ ሆኖ የሙቀቱ መስመር ከላይ ወጥቷል። በመካከላቸው ሁለቱ ይቋረጣሉ። ብዙ ሰው እዚህ መቋረጫ ላይ ክብ ያሠምርና፣ ብርዱ ዝናቡን ያሸነፈው በዚህ ጊዜ ነው ብሎ ይጽፋል።

እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ዳታውን ሳንነካ የቀኙን ዘንግ ብቻ ከ0 እስከ 36 ዲግሪ እናድርገው፤ አንድ እርከን 6 ዲግሪ ይሆናል። የመስከረም 7 ዲግሪ አሁን ከመጀመሪያው እርከን ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፤ የዝናቡ 75 ሚሊሜትር ግን እንደ በፊቱ አንድ ከግማሽ እርከን ላይ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ዝናቡ አሁንም በላይ ነው፤ መቋረጫው ወደ መስከረምና ጥቅምት መካከል ተሻገረ። አንድም የዝናብ ጠብታ፣ አንድም ዲግሪ አልተለወጠም። የተለወጠው የሣዩ ምርጫ ነው። በሣይ ምርጫ የሚሸሽ ነጥብ ስለ አየሩ ምንም አይነግረንም።

የመስመሮቹ ቁልቁለትም እንዲሁ ነው። ከነሐሴ ወደ መስከረም ዝናቡ አራት እርከን፣ ሙቀቱ አንድ እርከን ወርዷል። ይህን አይቶ ዝናቡ ከሙቀቱ በአራት እጥፍ ፈጠነ ማለት አይቻልም፤ 200 ሚሊሜትርና 2 ዲግሪ ይበላለጡ ዘንድ የጋራ መለኪያ የላቸውም።

ታዲያ ሁለቱን አብሮ መሣል ምን ጠቀመ? ጊዜውን ያሳያል። ዝናቡ ከሁሉ ይልቅ የወረደው ከነሐሴ ወደ መስከረም ነው። ሙቀቱ ከሁሉ ይልቅ የወረደው ከመስከረም ወደ ጥቅምት ነው፤ ከ7 ወደ 4 ዲግሪ። ዘንጎቹን እንዴት ብታደርጓቸው ይህ ቅደም ተከተል አይናወጥም። ምክንያቱም ይታወቃል፤ ደመናው ሲገፈፍ መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፣ አፈሩ ሲደርቅም ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። እንግዲህ ለገበሬው የሚጠቅመው ንባብ ይኸው ነው፦ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ብርዱ እስኪበረታ ድረስ አጭር ጊዜ አለ፤ ዘግይቶ የተዘራው ባቄላ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል ወይ?

መቋረጫው ትርጉም የሚኖረው አንድ ታዋቂ ሁኔታ አለ፤ እሱንም ብታውቁት ደስ ይለኛል። ሃይንሪሽ ዋልተርና ሄልሙት ሊት የተባሉ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቃውንት ባስፋፉት የአየር ንብረት ግራፍ ላይ የሁለቱ ዘንጎች ዝምድና በደንብ የታሰረ ነው፦ 10 ዲግሪ ሁልጊዜ ከ20 ሚሊሜትር ትይዩ ይቀመጣል። ሙቀቱ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሳይሆን የወሩ አማካይ ነው። በዚያ ግራፍ የዝናቡ መስመር ከሙቀቱ በታች ሲወርድ ወሩ ደረቅ ነው ይባላል። ሣዩ ዘንጉን እንደፈለገ መሳብ ስለማይችል መቋረጫው ከቦታው አይሸሽም። ግምታዊ ደንብ ነው፤ ስለ አፈር ዓይነትና ስለ ነፋስ አያውቅም፤ ግን ደንብ አለው። የኛ ወረቀት ያ ደንብ የለበትም።

በመጨረሻም እናንተ ራሳችሁ ስትሠሩት። ዝናቡን በባር፣ ሙቀቱን በመስመር ብትሥሉ ማደናገሩ በብዙ ይቀንሳል። ከዚያም የተሻለው ሁለት ግራፍ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጎ፣ ወሮቹን አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይታያል፣ መቋረጫ የሚባል ነገር አይኖርም። የግድ በአንድ ላይ ከሆነ በቀለም ብቻ አትለዩ። ቀዩና ሰማያዊው መስመር ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ፤ ቀበሌ የሚደርሰው ደግሞ ኮፒው ነው። የመስመሩን ስም ጫፉ ላይ ጻፉ፤ ከስሙም አጠገብ «በግራ» ወይም «በቀኝ» በሉ።

አሁን ሁላችሁም ኅዳርን አንብቡልኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የነገሩ ስም፣ ቁጥሩና መለኪያው ይኑር። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አስተያዩና ከተለያያችሁ ማን የትኛውን ዘንግ እንዳነበበ አጣሩ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።