Caaltuu «ካልቱ» አይደለችም፦ የእንግዳን ስም ሳይሰብሩ መጥራት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የምናወራው መድረክ ለምትመሩ ነው። ስለ አንድ ነገር ብቻ፦ የእንግዳ ስም።

አዘጋጆቹ ካርድ ሰጧችሁ እንበል። ካርዱ ላይ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ Caaltuu Gammachuu ይላል። ቁቤ የማያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ ዓይን ያየውና «ካልቱ ጋማቹ!» ብሎ ይጮኻል። ግማሹ አዳራሽ ይስቃል፣ ግማሹ ይቆጣል።

በቁቤ C «ጭ» ናት። x «ጥ»፣ q «ቅ»፣ ph «ጵ»። ስለዚህ ጫልቱ። Gammachuu ላይ ደግሞ m ሁለት ናት፣ ሁለት ስትሆን ትጠብቃለች። ገመቹ፣ «መ» ጠበቅ። aa እና uu ረዘም ይላሉ። በቃ፣ ይቺን ያዙ፤ የቀረውን ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ።

አሁን ወደ ተመልካቾች ልሂድ። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ «ምን ያስጨንቃል? ፊደላችን የማይጽፈው ድምፅ የለም፣ በአማርኛ ጽፎ ማንበብ ነው» ብላችኋል። ወገን፣ ፊደሉን እኔም እወደዋለሁ። ግን አይደለም!

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ብዬ ብጽፍላችሁ በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው? «አለ» ብልስ፣ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሆን እንለየዋለን። ስም ግን ብቻውን ነው የሚቆመው፣ የሚደግፈው የለም። «ገመቹ» ብላችሁ ካርዳችሁ ላይ ብትጽፉም «መ»ን አላልታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሰዋስው መጻሕፍት እንደሚደረገው የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ጣሉ።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ የሌሉን ድምፆች አሉ። ኬንያዊውን ደራሲ Ngũgĩ wa Thiong'oን ሁላችንም «ንጉጊ» እንላለን። በራሱ ቋንቋ በጊኩዩ አጻጻፍ ግን ያቺ ባለ ምልክቷ ũ ወደ «ኦ» ትጠጋለች፣ ĩ ደግሞ ወደ «ኤ»። ስለዚህ «ንጎጌ» ይሻላል። «ቲዮንጎ» የምንለው መጀመሪያ ላይ ያለችው th ደግሞ ምላስ በጥርስ መሃል ወጣ ብላ የምትባል ናት፤ በፊደላችን ልክ የምትሆን የለችም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አያድንም፣ ጆሮ ነው የሚያድነው።

ስለዚህ ጠይቁ። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት በቴሌግራም፦ «ስምዎን መድረክ ላይ እንዲጠራ በሚፈልጉት መልኩ በድምፅ ይላኩልኝ፣ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በተለመደው ፍጥነት።» ዩቲዩብ ላይ ሌላ አቅራቢ ሲጠራው መስማት አይበቃም፣ እሱም ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ከባለቤቱ አፍ ይሁን።

መለማመዱስ? እዚህ ጋ የታክሲ ረዳት ትዝ ይለኛል። መስመር የቀየረ ረዳት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት «መገናኛ መገናኛ» ሲል የነበረ ልጅ ዛሬ «ሳሪስ አቦ ቃሊቲ» በል ተብሏል። ጠዋት ምላሱ ይተበተባል። «መገ... ሳሪስ!» ይላል፣ ሾፌሩ ይቆጣል። ከሰዓት ሲሆን ግን ሂሳብ እየመለሰ፣ በር እየዘጋ፣ ከተሳፋሪ እየተጨቃጨቀ፣ አፉ ብቻውን «ሳሪስ አቦ ቃሊቲ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ማታ ቤቱ ቢተኛም የሚለው ይመስለኛል። ልብ በሉ፣ ልጁ ታፔላ ላይ እያነበበ አይደለም። አፉ ነው የተማረው። ደግሞ «ሳሪስ»ን ለብቻ፣ «ቃሊቲ»ን ለብቻ አላጠናም፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ሥራ እየሠራ ነው ያጠናው።

እናንተም እንዲሁ። ስሙን ብቻ አትድገሙት፣ ከነዓረፍተ ነገሩ በሉት። «አሁን ወደ መድረክ የምጋብዛቸው፣ ዶክተር ጫልቱ ገመቹ!» ቆማችሁ በሉት። ደረጃ እየወጣችሁ በሉት። እዚያ ካልተሰበረ መድረክ ላይም አይሰበርም።

በዕለቱ ከመጀመሩ በፊት እንግዳዋን አግኙና ጥሩላት። ግን «ልክ ነኝ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ! የኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። ብታበላሹትም «ልክ ነው፣ ምንም አይደል» ትላችኋለች። ምርጫ ስጧት። «ገመቹ ሲባል መ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ያኔ እውነቱን ትናገራለች። ሌላ አባባል ከነገረቻችሁም የእሷ ነው የሚያዘው፣ የእኔ ቪዲዮ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቢያመልጣችሁስ? «ይቅርታ፣ ጫልቱ» ብላችሁ ቀጥሉ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። «ስሙ ከባድ ነው» የሚል ቀልድ ደግሞ በፍጹም፤ እኔ እሱን ከስህተቱ በላይ ነው የምጠላው።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፋ የምትባለውን የቁቤዋን dh፣ እንደ Dhugumaa ባለው ስም፣ ከአንድ ተናጋሪ ጋር ቁጭ ብለን እንለማመዳለን። ሰብስክራይብ አድርጉ። ስማችሁን ሁሌ የሚያበላሹባችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ግን የሚጠብቀው ፊደል የቱ እንደሆነ አብራችሁ ንገሩኝ፣ እኔም ሳነበው እንዳልሰብረው።