ጂፉ ከቪዲዮው ለምን ከበደ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከጥምቀት ወዲህ የሚደወለው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የጭፈራ ቪዲዮ አለው። ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆርጦ፣ እየተደጋገመ የሚንቀሳቀስ ጂፍ አድርጎ ለዘመድ መላክ ይፈልጋል። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ሠርግና ክርስትና እየቀረጽኩ፣ እያቀናበርኩ ነው የምኖረው። በአየር ላይ ሰዓቱ ያላዳረሰኝን ጨምሬ እዚህ ጽፌዋለሁ።

የስድስት ሴኮንድ ቪዲዮ ነው፣ 12 ሜጋባይት። ጂፍ ሳደርገው ከ100 አለፈ። ምን አጥፍቼ ነው? (ከቡሬ)

ምንም አላጠፋህም ወንድሜ። የጂፍ ጠባዩ ነው። ጂፍ የመጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ የሚባል ነገር አልነበረም። የዛሬ ቪዲዮ ብልህ ነው። እስክስታ ስትቀርጽ «ግድግዳው ያው ነው፣ ትከሻዋ ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል» ብሎ የተንቀሳቀሰውን ብቻ ይመዘግባል። ጂፍ ግን እንቅስቃሴ የሚባል ነገር አያውቅም። ያልተቀየረ የምስሉ ነጥብ ካለ መዝለል ይችላል፤ የተቀየረውን ግን እንደ አዲስ ይስለዋል። እጅህ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ግድግዳውም ሁሉ «ተቀየረ» ማለት ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ስልክህን አጋድመህ የቀረጽከው ቪዲዮ 1920 በ1080 ነው እንበል። አንዷ ፍሬም፣ ማለትም አንዷ የቆመች ምስል፣ 2,073,600 ነጥብ አላት። በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ ስድስት ሴኮንድ 180 ፍሬም ነው። ተባዝቶ 373 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። ጂፍ ከመታመቁ በፊት ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ይወስዳል፤ 373 ሜጋባይት ማለት ነው። ታምቆም ከ100 ቢያልፍ አይግረምህ።

አሁን ሦስት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ቁረጥ፦ ከስድስት ሴኮንድ ሦስቱን ብቻ አስቀር። ቀጥሎ አሳንስ፦ ስፋቱን 320 አድርገው፣ ቁመቱ 180 ይሆናል። ከዚያ በሴኮንድ 12 ፍሬም ይበቃሃል። 36 ፍሬም፣ እያንዳንዱ 57,600 ነጥብ። ስታባዛው 2,073,600 ይመጣል። ልብ በል፣ ጂፉ በሙሉ የዋናውን ቪዲዮ አንዲት ፍሬም ያህላል! ሳይታመቅ እንኳ ሁለት ሜጋባይት ገደማ ነው። ስልኩን አስደግፈህ ቀርጸኸው ጀርባው ካልተነቃነቀ ከዚያም በጣም ይወርዳል።

ብዙ ሰው በቀለም ቅነሳ ይጀምራል። ቀለም መቀነስ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፣ ምስሉን ግን ቶሎ ያበላሸዋል። ስፋትን በግማሽ መቀነስ የነጥቡን ብዛት ወደ ሩብ ያወርደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መቁረጥ፣ ቀጥሎ ማሳነስ፣ ቀለም በመጨረሻ።

ጂፍ ድምፅ ይይዛል? (ከሞጣ)

አይይዝም። ዘፈኑ ከፈለግሽው ቪዲዮውን ራሱን ቆርጠሽ ላኪ።

ጥሩ የጂፍ መሥሪያ አፕ ንገረን። (ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከቢቸና)

ምንም አታውርዱ። ስልካችሁ ላይ ያለው ይበቃል።

ቴሌግራም ላይ ቪዲዮውን ለመላክ ምረጡ። ከመላካችሁ በፊት ክፈቱትና ግራና ቀኝ ያሉትን ጫፎች ጎትታችሁ ቁረጡ። ከዚያ የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ነክታችሁ ድምፁን ዝጉ። ድምፁ የተዘጋ አጭር ቪዲዮ ጂፍ ሆኖ ይሄዳል። ለሰው ከመላካችሁ በፊት Saved Messages ላይ ለራሳችሁ ልካችሁ እዩት። ዋትሳፕ ላይም እንዲሁ ነው፦ ቪዲዮውን ከስድስት ሴኮንድ በታች ስትቆርጡት GIF የምትል ምርጫ ትመጣለች፣ እሷን ንኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለቱም ጋ «ጂፍ» ተብሎ የሚሄደው በእውነት ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ነው። ለዚህ ነው ቀላል የሚሆነው። ከላይ ያሰላነው የድሮው ጂፍ የሚያስፈልጋችሁ በኢሜይል ስትልኩ፣ ድረ ገጽ ላይ ስትለጥፉ ወይም ፋይሉ በግድ ጂፍ ይሁን ስትባሉ ብቻ ነው።

ከማይታወቅ ቦታ በወረደ አፕ የሠርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ደግሞ አስቡበት። ቪዲዮ ለመቁረጥ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁንና የጽሑፍ መልእክታችሁን ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅ አፕ ምን ሊሠራበት ነው? ፈቃድ አትስጡት። አጥፉት።

ጢስ ዓባይ ሄደን የቀረጽኩት ፏፏቴ ሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው፣ ስፋቱንም አሳንሻለሁ። ግን የጓደኛዬ የቡና ጂፍ ከእኔ በብዙ ያንሳል። ለምን? (ከባሕር ዳር)

የሚወርድ ውኃ ስለሆነ ነዋ። ቡና ሲቀዳ የሚንቀሳቀሰው ቀጭኗ የቡና መስመር ናት። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ቄጠማው ባሉበት ናቸው፤ ጂፍ ይዘላቸዋል። ፏፏቴው ላይ ግን በየፍሬሙ የማይቀየር ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። ጭጋጉም ይጨምርበታል። ውኃ፣ እሳት፣ በነፋስ የሚወዛወዝ የጤፍ ማሳ፣ እነዚህ ለጂፍ ከባድ ናቸው።

ለአንቺ የምመክርሽ በቴሌግራም ድምፁን ዘግተሽ እንድትልኪው ነው። ጂፍ የግድ ከሆነ ከውኃው አንዱን ክፍል ብቻ አስቀሪ፣ ድንጋዩና ገደሉ ሰፋ ብሎ ይታይ። ደግሞ ወደፊት ሄዶ ወደኋላ የሚመለሰውን ዓይነት አትምረጪ። ለእስክስታ ያምራል፤ ፏፏቴ ላይ ግን ውኃው ሽቅብ ሲወጣ ይታያል።

ጂፉ ሲደጋገም መሐል ላይ ይዘላል። እንዴት ነው የማስተካክለው? (ከደጀን)

መጀመሪያውና መጨረሻው ስላልገጠሙ ነው። ትከሻው ወደ ታች በወረደበት ቅጽበት ጀምር፤ ዞሮ እንደገና ሊወርድ ሲል ቁረጠው። የመጨረሻዋ ፍሬም ከመጀመሪያዋ ጋር አንድ አትሁን፣ አንድ ቀደም ያለችው ትሁን። አለበለዚያ እዚያች ላይ የቆመ ይመስላል።

ላፕቶፕ ላይ በኤፍኤፍኤምፔግ የምጠቀምበትን ትእዛዝ ስጠኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

ኤፍኤፍኤምፔግ በጽሑፍ ትእዛዝ ቪዲዮ የሚቆርጥና የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ይኸው። ከ12ኛው ሴኮንድ ጀምሮ ሦስት ሴኮንድ ይቆርጣል።

```
ffmpeg -ss 12 -t 3 -i eskista.mp4 -vf "fps=12,scale=320:-1:flags=lanczos,split[a][b];[a]palettegen=max_colors=128[p];[b][p]paletteuse=dither=bayer:bayer_scale=4" eskista.gif
```

ጂፍ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይችልም። `palettegen` የሚለው ከራስህ ቪዲዮ ላይ የሚሻሉትን ቀለሞች መርጦ ያወጣል፤ እሱን ከተውከው የጥበቡ ቀለም ይደበዝዛል። `bayer` የሚለው ደግሞ ሰማዩ መስመር መስመር እንዳይሆን ነጥቦችን ያሰባጥራል። ሌሎች ዘዴዎች ለዓይን የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ነጥቦቹ በየፍሬሙ ቦታ ይቀያይራሉ። ያኔ የቆመው ግድግዳ ሳይቀር እየተርገበገበ ይታያል፣ ፋይሉም ይከብዳል። አሁንም ከከበደህ ቀለሙን አትንካ፣ መጀመሪያ ስፋቱን 280 አድርገው።

ስልኬ ስለሚሞላብኝ ጂፉን ከሠራሁ በኋላ ቪዲዮውን አጠፋዋለሁ። ችግር አለው? (ከቡሬ)

አለው ልጄ። በጣም አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

አያቴ ጎበዝ ፎካሪ ነበሩ። አንድ ዓመት በጥምቀት፣ ታቦቱ ሲመለስ፣ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ሲፎክሩ ቀረጽኳቸው። አንድ ደቂቃ ያህል ነበር። ማታ ዱላውን የወዘወዙባትን ሦስት ሴኮንድ ቆርጬ ጂፍ ሠራሁና ለቤተሰቡ ሁሉ ላክሁ። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ቪዲዮውን አጠፋሁት። በዓመቱ አረፉ። ጂፏ እስከ ዛሬ አለች። ዱላው ይነሳል፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግጥሙ ግን የለም። ምን እንዳሉ ሙሉውን የሚያስታውስ ሰው ብጠይቅ ብጠይቅ ጠፋ።

ጂፍ የቪዲዮው ቅጂ አይደለም። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ጥሎታል። ከላይ ባሰላነው ልክ ከተሠራ ከየ36ቱ ነጥቦች 35ቱን ጥሏል። ቀለሙን ወደ 256 ወይም ከዚያ በታች አውርዷል። ነገ ፎቶ አውጥተህ ግድግዳ ላይ ልስቀልህ ብትለው ፊቱ ከፍንጣቂ የተሠራ ይመስላል። በአፕ አተልቀዋለሁ ብትል የሚተልቀው ብዥታው ነው። የተጣለ ነገር ከጂፍ ውስጥ ተመልሶ አይወጣም።

ስልኩ ሞላ ብለህ ከሆነ ዋናውን ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ላፕቶፕ አዛውረው። ካዛወርክ በኋላ ከፍተህ፣ እስከ መጨረሻው አይተህ፣ ድምፁን ሰምተህ ብቻ ከስልኩ ላይ አጥፋ። ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥ ከፈለግህ በፋይል መልክ ላከው፣ አለበለዚያ አሳንሶ ያስቀምጥልሃል። የምታጠፋው ነገር ካስፈለገ ጂፉን አጥፋ። ዋናው ካለ ጂፉን በአምስት ደቂቃ መልሰህ ትሠራዋለህ።

ሰው የላከልኝን ጂፍ አውርጄ ላሳንሰው ፈልጌ ጭራሽ ከፋ። (ከዳንግላ)

ከጂፍ ላይ ጂፍ አትሥሩ። የተሰባጠሩት ነጥቦች ሁለተኛ ሲሳሉ ቆሻሻ ይሆናሉ፣ ክብደቱም ይጨምራል። ዋናውን ቪዲዮ ከላኪው ጠይቂ።

የምትለውን ሰምቼ ዘገየሁ። የልጄን የክርስትና ቪዲዮ ካጠፋሁ ሳምንት ሆነኝ። ጂፉ ብቻ ቀርቷል። ይመለሳል? (ከፍኖተ ሰላም)

እህቴ፣ መጀመሪያ የፎቶ ማከማቻሽ ውስጥ Trash የሚለውን ክፈቺ። Google Photos ላይ ምትኬ ተይዞለት ከነበረ የጠፋ ቪዲዮ 60 ቀን እዚያ ይቆያል። ቀጥሎ በዚያን ሰሞን ሙሉውን የላክሽለት ዘመድ ካለ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ካልተገኘ ምንም አዲስ ነገር አትቅረጺ፣ አታውርጂ። «የጠፋ ቪዲዮ መላሽ» የሚሉትን አፕም አትጫኚ፣ እሱ ራሱ የቪዲዮው ቦታ ላይ ሊጻፍበት ይችላል። ቪዲዮው በሚሞሪ ካርድ ላይ ከነበረ ተስፋው የተሻለ ነው፦ ስልኩን አጥፊ፣ ካርዱን አውጪ፣ እንዲያው ይዘሽ የጠፋ ፋይል መመለስ የሚችል ባለሙያ ጋ ሂጂ። በስልኩ በራሱ ሆድ ውስጥ ከነበረ በአሁኖቹ ስልኮች መመለሱ በጣም ከባድ ነው። እሱንም ቢሆን ባለሙያው አይቶ ይንገርሽ።