«ጎበዝ ልጅ ነው» ከተባለ በኋላ

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ሠራተኛ ራሳችሁ መርጣችሁ የምትቀጥሩ ስለሆናችሁ፣ እኔን ራሴን ካስተማረኝ ስልክ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ልቀጥር ብዬ የአንዱን አመልካች የቀድሞ አለቃ ደወልኩላቸው። «ልጁ እንዴት ነው?» አልኩ። «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው» አሉኝ። አመስግኜ ዘጋሁ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሦስተኛው ወር ድንገት ብንቆጥር የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ሌላ ይላል፣ መደርደሪያው ሌላ ይላል። ልጁ አልሰረቀም። ሳምንቱን ሙሉ ዕቃውን በቃል ሲያድል ይሰነብትና የወጪ ሰነዱን አርብ ማታ እያስታወሰ ይሞላው ነበር። ለእኚያው አለቃ ተመልሼ ደወልኩ። «እሱማ ወረቀት ላይ ድሮም ሰነፍ ነው» አሉኝ። «ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» «መቼ ጠየቁኝ!»

ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነው። ማናችንም የሰው እንጀራ መዝጋት አንወድም። «እንዴት ነው?» ስንለው ሰውየውን ዳኛ አድርገን አስቀመጥነው፤ እሱ ደግሞ መፍረዱን ስለሚፈራ ይመርቅልናል። «ባለፈው የሰኔ ቆጠራ ምን ያህል ልዩነት ተገኘ?» ብንለው ግን የሆነውን ብቻ ይነግረናል። በማንም ላይ አልፈረደም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው አይረዳንም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሚጽፈው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ነው። እንዴት እንደሠራ የሚያውቀው አብሮት የዋለው ሰው ነው።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ቅጥር እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። አንዲት አመልካች ነበረች፤ ከአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ የለቀቀች። አስቀድሜ ፈቃዷን ጠየቅኩ። ገና ሥራ ላይ ብትሆን ኖሮ አሁን ያለችበት ቤት አልደውልም ነበር፤ ባለማወቅ ከሥራዋ ላስወጣት እችላለሁ። ሲቪው ላይ ባለው የእጅ ስልክም አልደወልኩም፤ «አለቃ» ተብሎ የአጎት ልጅ ሲያነሳ አይቻለሁና። የድርጅቱን የቢሮ ስልክ ደውዬ የቅርብ አለቃዋን አገናኙኝ አልኩ። «አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ አለዎት ወይስ ከሰዓት ልደውል?» አልኳቸው። የተቻኮለ ሰው የሚሰጠው ምርቃት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ራሳቸው ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ አብረው ሠሩ፣ ሰነዱን የሚፈርሙላት እሳቸው ነበሩ ወይ። ከዚያ ወደ ሰኔው ቆጠራ ገባሁ። «ኧረ እሷ ጠንቃቃ ናት» አሉኝ። «ለምሳሌ?» አልኩና ዝም አልኩ። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን አትሙሉት፣ እሳቸው ይሙሉት። ሞሉትም። 11 ካርቶን ሴራሚክ ጎድሎ ነበር። ስድስቱ ተሰብረው የብልሽት ሰነድ ሳይሠራላቸው ተጥለዋል። አምስቱን ግን እሷ ሁለት ቀን የበር መውጫ ወረቀት ስታገላብጥ ቆይታ አገኘቻቸው፤ ሥራ አስኪያጁ በስልክ አዝዘው ያለ ወጪ ሰነድ የወጡ ናቸው። «ከዚያ ወዲያ ለእኔም ቢሆን ያለ ወረቀት አልሰጥም አለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተቀይሜያት ነበር» አሉኝ።

«ጠንቃቃ ናት» ከሚለው ይልቅ የነገረኝ ያ ቅያሜ ነው። የፈጠራ ሙገሳ ቢሆን ኖሮ የካርቶኑ ቁጥርና የበር መውጫው ባልመጣ ነበር።

መጨረሻ ላይ «እኔ ጋ ስትጀምር ምኑ ላይ ላግዛት?» አልኩ። እንከን አልጠየቅኩም፤ እገዛ ጠየቅኩ። ወዲያው መለሱ፦ «ኤክሴል ላይ ቀርፋፋ ናት። የወር መጨረሻ ሪፖርቷ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር።»

የሚሉትን በራሳቸው ቃል እየጻፍኩ ነበር፤ «ቀርፋፋ» ካሉ «ቀርፋፋ»። በኋላ በራሴ ቃል ብጽፈው የምፈልገውን እጽፋለሁ። ደግሞ «የየት አገር ልጅ ናት?»፣ «አግብታለች?» የሚለው ወሬ መሃል ሾልኮ ይመጣልና ተጠንቀቁ፤ ከዕቃ ግምጃ ቤት ጋር ምንም አያገናኘውም።

የተድበሰበሰ መልስ ሁሉ ግን መጥፎ ምልክት አይደለም። ሦስት ዓመት ያለፈውን ሰው ይረሳል፤ ቂም የያዘ አለቃም አለ። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ደወልኩ፤ ከእሷ ዕቃ ይወስድ የነበረ የሳይት ኃላፊ። ስለ ሴራሚኩ አላነሳሁም። «ዕቃ ፈልገህ የከለከለችህ ጊዜ አለ?» ብለው ሳቀና ያንኑ ታሪክ ከሌላው ወገን ነገረኝ። የሪፖርቱን መዘግየት ለራሷ አነሳሁላት፤ አልካደችም። ቀጠርኳት፤ ለሁለት ወር ኤክሴሉን የሚያሳያት ልጅ አብሬ መደብኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቸኩዬ አንድ ባትሪ ብጠይቃት «መጠየቂያው ይፈረም» ብላ ባዶ እጄን መለሰችኝ።

አመሰግናለሁ።