ስላይዱ ከአንደበታችሁ አይቅደም

የተከበራችሁ የትምህርት ክፍላችን መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣

በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ ኮምቦልቻ የመመረቂያ ሥራችሁን በፈታኞች ፊት ስለምታቀርቡ፣ ስለ አቀራረብ ጥቂት እንድናገር ተጠይቄ መጥቻለሁ። ስለ አለባበስና ስለ ሰዓት ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔን ያመጣኝ አንድ ነገር ነው፦ ነጥባችሁ እናንተ ከመናገራችሁ በፊት በስክሪኑ ላይ መታየት የለበትም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የጥናት ውጤት አቀረብኩ። ስላይዱ ሰባት ነጥቦች ነበሩት፤ ሰባቱም በአንድ ጊዜ ተገለጡ። እኔ ችግሩ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ነጥብ ማስረዳት ስጀምር የሰብሳቢው ዓይን ሰባተኛው ላይ ከተጻፈው ገንዘብ አርፎ ነበር። «ይህን ያህል ብር ለምን?» ብለው ጠየቁ። ገንዘቡ ምን እንደሚፈታ ገና አልተናገርኩም፤ የተሰጠኝ ጊዜ በሙሉ በዋጋ ክርክር አለቀ፤ ጥናቱም ሳይደመጥ ቀረ። ሰብሳቢው አላጠፉም። ሰው በዓይኑ የሚያነበው ተናጋሪው በአንደበቱ ከሚያሰማው ይፈጥናል፤ ጽሑፉ ፊቱ ከተዘረጋለት ደግሞ እያነበበ ሊያዳምጠን አይችልም።

ከዚያ በኋላ በሌላ ስብሰባ መስመሮቹ ከቀኝ እየበረሩ እንዲገቡ አደረግሁ፤ መጫን እንዳይኖርብኝም በፓወርፖይንት After Previous የሚለውን መርጬ በየአምስት ሰከንዱ በራሳቸው እንዲመጡ አዘዝኳቸው። በሁለተኛው ነጥብ ላይ ጥያቄ ተነሣ፤ እኔ መልስ ስሰጥ ስክሪኑ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ስለዚህ አጥብቄ የምነግራችሁ፦ ነጥብን የሚያመጣው የእናንተ ጣት እንጂ ሰዓት አይሁን። On Click ምረጡ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ያሳየኝን ስላይድ ልንገራችሁ። የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ የሚታከምበትን ሂደት የሚያሳይ ሥዕል ነበር፦ ወንፊት፣ አሲድ የሚጨመርበት ገንዳ፣ አልም የሚጨመርበት ገንዳ፣ ማዝቀጫ ገንዳ። አራት ሳጥኖች፣ ሦስት ቀስቶች፣ አራት ጽሑፎች፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አኒሜሽን፣ በድምሩ አሥራ አንድ ክሊክ። ተማሪው ንግግሩን ትቶ ክሊክ ይቆጥር ነበር። አብረን ስናስተካክለው ወንፊቱን ከርዕሱ ጋር ከመጀመሪያው እንዲታይ ተውነው። የቀሩትን ደግሞ ቀስቱን፣ ሳጥኑንና ጽሑፉን በአንድነት መርጠን በ Ctrl+G አቆራኘናቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን Appear የሚለውን ብቻ ሰጠን። አሥራ አንዱ ክሊክ ሦስት ሆነ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ራሱ ማስረጃ ነው፤ የማቅለሚያ ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ አልካላይን ሲሆን አልም ቀለሙን በደንብ የሚያረጋው ፒኤችው ከተስተካከለ በኋላ ነው። አሲዱ በሁለተኛ ደረጃ ለምን እንደገባ ሳይነገር የአልሙ ገንዳ ከታየ፣ ፈታኙ ጥያቄውን ከሥራችሁ ልብ ፈንታ ከዳር ይጀምራል።

አንድ ወጥመድ አለ። ፓወርፖይንት ነገሮቹን የሚያወጣው ስላይዱ ላይ በተቀመጡበት ቦታ ሳይሆን አኒሜሽን በተሰጣቸው ተራ ነው። የረሳችሁትን ሳጥን በመጨረሻ ስትጨምሩ፣ መሀል ላይ ብታስቀምጡትም መጨረሻ ይመጣል። Animation Pane ከፍታችሁ ከጎናቸው የሚታዩትን ቁጥሮች ከምትናገሩት ጋር አስተያዩ።

አሁን በግልጽ ልናገር። ከባች ወደ ባች በፍላሽ የሚተላለፍ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሚሽከረከርበት፣ እያንዳንዱ ስላይድ እንደ መጋረጃ የሚከፈትበት ፋይል በየዓመቱ አያለሁ። አራት ዓመት የደከማችሁበትን ሥራ በሚሽከረከር ፊደል አታስጋርዱት! ፈታኙ የመጣው እናንተን ሊሰማ ነው፤ ፊደል ሲዞር እያየ የሚያሳልፋት ደቂቃ የእናንተ ደቂቃ ናት።

ሰንጠረዥን በቁራጭ አትግለጡ፤ የሁለት ናሙና ውጤት የሚነጻጸረው ጎን ለጎን ሲታይ ነው። በንግግራችሁ አንድ በአንድ የማታብራሩት የነጥብ ዝርዝርም አኒሜሽን አያስፈልገውም።

ሌሎችን በአጭሩ ላንሣ። ፋይሉ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር አኒሜሽኑ ስለሚጠፋ የተደራረቡ ሥዕሎች አንዱ ሌላውን ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ ስላይዱን እየገለበጣችሁ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ለጥያቄ ሰዓት ደግሞ ዋናውን ሥዕል ሙሉውን፣ ያለ አኒሜሽን፣ መጨረሻ ላይ አስቀምጡ። የስላይዱ ቁጥር 24 ከሆነ 24 ጽፋችሁ Enter ስትጫኑ ወዲያው ይመጣላችኋል።

አመሰግናለሁ።