ተራና ቀጠሮ፦ በጅማ ለወንዶች ፀጉር ቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ወንዶች ፀጉር ቤት አሠራር እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ አንዳንዶቻችሁ ስለ አዳዲስ ቁርጦች ወይም ስለ ማሽን ዓይነት የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ሰው እየጠበቀ የሚቆምባቸው፣ ማክሰኞ ግን ባለሙያው ራሱ በደንበኛው ወንበር ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካባቸው ቤቶቻችንን ጉዳይ ነው። መርካቶም ሆነ አጂፕ፣ ሄርማታም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ብትሠሩ ይህን አይታችሁታል፤ የቤት ኪራይ ግን ለማክሰኞ ቅናሽ አያደርግም።

የእኔ ቤት ሦስት ወንበርና አንድ የፀጉር መታጠቢያ አለው። የቅዳሜው ወረፋ ሲያስጨንቀኝ፣ ያጠረኝ ወንበር ነው ብዬ ለአራተኛ ወንበር ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬ ነበር። ከመግዛቴ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ማሽኔን አስቀምጬ፣ ጥግ ላይ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩና እያንዳንዱ ደንበኛ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ፣ ቁርጡ ስንት ሰዓት እንዳለቀ፣ መታጠቢያው ጋ መቼ እንደደረሰና መቼ ከፍሎ እንደወጣ ጻፍኩ። ቁርጡ በአማካይ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ባለሙያው ራሱ ደንበኛውን ይዞ ለመታጠብ ይሄዳል፤ መታጠቢያው ተይዞ ከሆነ 5 ደቂቃ ያህል አብረው ይቆማሉ፤ ማጠቡና ስቲሙ 12 ደቂቃ፣ ሒሳብ መቀበሉና ወንበሩን ማጽዳቱ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ሲደመር 45 ደቂቃ ነው። ሦስቱ ወንበሮች በአንድ ሰዓት የሚያስተናግዱት አራት ሰው ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ከ45 ደቂቃው ውስጥም ለ17ቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ አራተኛ ወንበር ብጨምር ኖሮ፣ በመታጠቢያው ፊት የሚቆመው ሰው ይበዛ ነበር እንጂ ወረፋው አያጥርም ነበር።

ስለዚህ ወንበር መግዛቱን ትቼ ማጠብ፣ ሒሳብ መቀበልና ተራ መመዝገብ ብቻ ሥራው የሆነ አንድ ረዳት ቀጠርኩ። ፎጣዎቹ ታጥፈውና ለስቲም ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁት ማጠቡ ወደ 9 ደቂቃ ወረደ። ባለሙያው ቁርጡን እንደጨረሰ ደንበኛውን ለረዳቱ ያስረክባል፤ ማሽኑን ይጠርጋል፣ በአልኮል ያጸዳል፣ ንጹሕ ጨርቅ ያወጣል፤ ከዚያም ቀጣዩን ይጠራል። አሁን አንዱ ወንበር በየ30 ደቂቃው አንድ ሰው ይቀበላል፤ ሦስቱ በሰዓት ስድስት ሰው ያስተናግዳሉ። መታጠቢያውም በ30 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው ማጠብ የሚችለው ለጥቂት ነው፤ ሦስት ጊዜ 9 ደቂቃ 27 ነውና። በዚህ ምክንያት አራተኛ ወንበር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሁለተኛ መታጠቢያ ያስብ እላለሁ። ፂም የሚያስተካክል ደንበኛ 10 ደቂቃ ያህል ስለሚጨምር ደግሞ፣ ተራውን የሚመዘግበው ረዳት ደንበኛው ሲገባ መጠየቅ አለበት።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። መጀመሪያ የሞከርኩት ብዙዎቻችሁ የሞከራችሁትን የዋጋ ቅናሽ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ቀነስኩ፤ ያተረፍኩት ቢኖር ድሮም ማክሰኞ ይመጡ የነበሩት ደንበኞቼ ያነሰ እንዲከፍሉ ማድረግ ነው። የቅዳሜው ሰው አልተንቀሳቀሰም፤ ቅዳሜ የሚመጣው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሰርግ ስላለው ነው። ሐሙስም ገበያው ስላለና በማግስቱ የጁምዓ ሶላት ስላለ በራሱ ይሞላል። እኔ የዘነጋሁት ሌላውን ሰው ነበር፤ ቅዳሜ የሚመጣበት ምክንያት የሌለው፣ የልማድ ነገር ሆኖበት ብቻ የሚመጣው ሰው። ይህ ሰው ቀን እንዲቀይር የሚያደርገው የፀጉሩ እድገት ነው።

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ቁጥር 1 የምንለው የማሽን ማበጠሪያ የሚያስቀረው 3 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ ጎኑን በዜሮ አውርደን ፌድ የሠራንለት ሰው፣ በ10ኛው ቀን ያ ዜሮ የነበረው ቦታ ቁጥር 1ን አልፏል፤ ከአንገቱ በላይ ያለው መስመርም ደብዝዟል። እኛ ደግሞ «በሁለት ሳምንት ተመለስ» እንለዋለን፤ ቅዳሜ የተቆረጠ ሰው ሁለት ሳምንት ቢቆጥር የሚያርፈው ቅዳሜ ላይ ነው። ራሳችን እየላክነው ነው! በእኔ ቤት አሁን ደንበኛው ከወንበር ሳይነሳ መስታወቱን ከኋላው ይዘን መስመሩን እናሳየዋለን፤ «ይህ በ10 ቀን ይጠፋል፤ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ይመችዎታል?» ብለን ደብተሩ ላይ እንጽፋለን። አፍሮ ወይም እኩል ቁርጥ ያለውን ሰው ግን ቶሎ ና ማለት ገንዘቡን መፈለግ ነው፤ ለእርሱ 24ኛውን ቀን እንጽፋለን፤ ይህም ከቅዳሜ ሲቆጠር ማክሰኞ ነው። በሥራ ቀናት ሁለቱ ወንበሮች የቀጠሮ ናቸው፤ ሦስተኛው ድንገት ለሚገባ ሰው ይቆያል። ቀጠሮ የያዘ ሰው 10 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ቅዳሜ ግን ቀጠሮ የለም፤ በተራ ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሚያንገበግበኝ ነገር ደርሻለሁ። ስለ ቤታችን መለያ ስንነጋገር ሁልጊዜ ስለ ቀለም፣ ስለ መብራትና በር ላይ ስለሚለጠፍ ፎቶ እንነጋገራለን፤ ለእኔ ግን የቤት መለያው ተራ ማክበሩ ነው። ከዓመታት በፊት፣ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት፣ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ የነበሩ አንድ አባት አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። ቀጣዩ እሳቸው ነበሩ። አንድ የማውቀው ሰው መኪናውን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ አቁሞ ገባ፤ እኔም «አባባ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» ብዬ እርሱን አስቀመጥኩ። አባባ አልተቆጡም፤ ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው አደረጉ፤ ትንሹን ልጃቸውን እጁን ይዘው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ አንዳቸውም ተመልሰው አልመጡም። የመኪናው ሰው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው!

በእውነት እጠይቃችኋለሁ፦ ዘመድ መጣ፣ ባለሥልጣን መጣ፣ የሰፈር ልጅ መጣ እያልን ተራ የጠበቀውን ሰው ስንት ጊዜ አዋርደናል? ከሥራ የወጣ መምህር፣ ባጃጁን ያቆመ ሾፌር፣ እነዚህ ሰዓታቸውን ከእንጀራቸው ቆርጠው ያመጡ ሰዎች ናቸው። ተራ የማያከብር ቤት ቀጠሮ ቢጽፍ ማን ያምነዋል? በእኔ ቤት የወንድሜም ራስ ቢሆን ቁጥር ይወስዳል፤ የተቀየመኝ ዘመድ አለ፤ እንደተቀየመ ይኑር።

ስለ ቀረው በአጭሩ ልበል። ምላጭ በደንበኛው ፊት ይከፈት፤ ጭርት ያለበት ልጅ ሲመጣ ወላጁን ለብቻው አናግረን ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው እንጂ ማሽኑን አናስነካው። መብራት ስለሚጠፋ በቻርጅ የሚሠራ ማሽን በየወንበሩ አንድ ይኑር። ባለሙያ በፐርሰንት ሲከፈለው መታጠቢያውን ለረዳት መልቀቅ ጉርሻውን እንዳይነካበት ይፈራል፤ ረዳቱ ከመቀጠሩ በፊት ይህን ከባለሙያዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ እኔ ሳልነጋገር ጀምሬ አንድ ጥሩ ባለሙያ አጥቻለሁ።

ያን ቅዳሜ የጻፍኩበትን ደብተር ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አለ። የራሳችሁን ቤት ለመለካት የምትፈልጉ ዓምዶቹን ገልብጣችሁ ውሰዱ፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።