32 በ30 የማይነግረን ሦስተኛው ቁጥር

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ጅማ ዛሬም ዝናቧን እያወረደች ነው። ከኋላዬ የምትሰሙት የቆርቆሮው ድምፅ ነው፤ እስኪያባራ ብጠብቅ ይመሻል ብዬ ጀመርኩ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሱሪ ነው። ለወንድሜ ሰርግ የገዛሁት ጥቁር ግራጫ የጨርቅ ሱሪ። ያበላሸሁት ቁጥሩን ሳላይ ቀርቼ አይደለም፤ አይቼ ነው። የከነከነኝም ይኸው ነው።

እስከዚያ ቀን የማውቀው ጂንሴን ብቻ ነበር። ውስጡ ያለው ምልክት 32 በ30 ይላል። የመጀመሪያው ወገብ ነው፣ ሁለተኛው የእግር ርዝመት፣ ሁለቱም በኢንች። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 32 ማለት 81 ሴንቲ ግድም፣ 30 ደግሞ 76 ሴንቲ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስታት ነገር አለች። የሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች የሱሪ ቁመት ሲለኩ ሜትሩን ከወገባችን ጎን ይዘው በውጭ በኩል ወደ ቁርጭምጭሚት ያወርዱታል። ምልክቱ ላይ ያለው 30 ግን የውስጠኛው ስፌት ነው። ሁለቱ እግሮች ከሚለያዩበት፣ ከብሽሽት፣ ተነስቶ እስከ ታች። ከብሽሽት በላይ ወገቡ ድረስ ያለው ጨርቅ በሁለቱም ቁጥሮች ውስጥ የለም። እሱ የሱሪው ከፍታ ነው፤ በእንግሊዝኛው ራይዝ ይሉታል። ምልክት ላይ አይጻፍም። እኔን ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ሄርማታ ገበያ ሄጄ መጀመሪያ የሞከርኩት 32 በ30 ነበር። ዳሌዬ ላይ ያዘኝ፤ ቁልፉ እንቢ አለ። ልጁ 34 በ30 አወጣልኝ፣ ልክ መጣ። ግን እግሩ ጫማዬ ላይ ተኮማተረ። «ታሳጥረዋለህ፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። እኔም ተስማማሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰፊ ለካና 5 ሴንቲ ቆርጦ አጠፈው።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሸሚዜን ከተትኩ። ሱሪው እንደ ጂንሴ ዳሌዬ ላይ ሲቀመጥ ከዚፑ በታች ልቅ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ስራመድም ጭኔን ይዞ ይጎትተኛል። ወደ ላይ ሳበው አልኩና ሳብኩት። አሁን ወገቡ ሰፋ፣ ቀበቶው ዙሪያውን እየሸበሸበ ያዘው፣ ካልሲዬም ሙሉ በሙሉ ወጣ። አጅቤ ቆምኩ፣ ፎቶም ተነሳሁ፣ ቀኑን ሙሉ ግን ልቤ ሱሪው ላይ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይስተካከላል?» አልኳቸው። ሱሪውን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«ሱሪህን የት ላይ ነው የምትታጠቀው?»

ዳሌዬን አሳየኋቸው።

«እሱ ዳሌህ ነው ልጄ። ይሄ ሱሪ የተሰፋው ለወገብህ ነው።»

ጂንሴን አምጣ አሉኝ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉና አራቱ ስፌቶች ከሚገናኙበት ነጥብ ጀምረው ከፊት በኩል እስከ ወገቡ ጫፍ ለኩ። ጂንሱ 24 ሴንቲ፣ የጨርቁ ሱሪ 30። በመካከላቸው 6 ሴንቲ አለ። የውስጥ እግሩ ግን ከመቆረጡ በፊት የሁለቱም እኩል 76 ነበር።

እንግዲህ አስቡት። 30 ሴንቲ ከፍታ ያለውን ሱሪ 24 በሚበቃበት ቦታ ስታጠቀው፣ ትርፉ 6 ሴንቲ የትም አይሄድም፤ ወደ ታች ይወርዳል። ብሽሽቱ በ6 ሴንቲ ዝቅ ይላል። እግሩም ከዚያ ነጥብ ስለሚጀምር ጫማው ላይ በ6 ሴንቲ ይረዝማል። የተንጠለጠለው ጨርቅ፣ ጭኔን የያዘኝ፣ የተኮማተረው እግር፣ ሁሉም የአንድ ነገር ውጤት ናቸው። እግሩ ረጅም አልነበረም። ያለ ቦታው ታጥቄው ነው። የተቆረጠው 5 ሴንቲ በጤናማ እግር ላይ የተቆረጠ ነው።

የወገቡም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እምብርቴ አካባቢ ስለካ 82 ሴንቲ ነኝ። አራት ጣት ያህል ዝቅ ብዬ ዳሌዬ አጥንት ላይ ስለካ 88። ጂንሱ «32» ይበል እንጂ ወገቡ ሲለካ 89 ሆነ! ዳሌ ላይ እንዲቀመጥ ስለተሰፋ ሰፊ ነው። ደግሞም ብዙ ፋብሪካዎች ከጻፉት ቁጥር በላይ አስፍተው ይሰፋሉ። ያን ያልበቃኝን 32 ገበያ ተመልሼ ለካሁት፤ 84 ነው። ለ82 ወገብ ልክ፣ ለ88 ዳሌ ጠባብ። ትክክለኛውን ሱሪ በእጄ ይዤ መልሼዋለሁ ማለት ነው። ወደ ላይ ብስበው ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የተገላቢጦሹም አለ። አጭር ራይዝ ያለውን ሱሪ እምብርት ድረስ ከሳባችሁት ስፌቱ ብሽሽት ውስጥ ይገባል፣ ከዚፑ ግርጌም ወደ ሁለቱ ጭኖች የተወጠሩ መስመሮች ይታያሉ። የኋላው ከፍታ ለብቻው ይለካል፤ መቀመጫን ስለሚያቅፍ ከፊቱ ሁልጊዜ ይረዝማል። እሱ አጭር መሆኑን ቆማችሁ አታውቁትም። ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጡ ወገቡ ከኋላ ተንሸራቶ ጀርባችሁን ካሳየ፣ ወገቡ ሰፍቶ ሳይሆን ኋላው አጥሮ ሊሆን ይችላል። ቀበቶ ብታጠብቁ አይፈታም።

ጋሼ ምን አደረጉ? ወገቡን ከኋላ ስፌቱ ላይ 5 ሴንቲ አጠበቡት። ከዚያ በላይ ቢያጠብቡት ሁለቱ የኋላ ኪሶች ይሳሳማሉ አሉኝ። የታጠፈውን እግር ፈተው ከውስጥ ሌላ ስስ ጨርቅ ገጠሙለትና 2 ሴንቲ አገኙ። ቀሪው 3 ሴንቲ የለም፤ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ራይዙንስ ማስተካከል ይቻላል ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ማሳጠር ይቻላል አሉኝ፤ ግን ወገቡን ሙሉ ነቅሎ፣ ዚፑን አውጥቶ፣ እንደገና መስፋት ነው፤ ዋጋውም አዲስ ሱሪ ይጠጋል። ማርዘም ግን ጨርቅ ከየት ይመጣል?

አሁን ሳልቫጅ ልብስ ስመርጥ ምልክቱ ታጥቦ የጠፋም ይሁን «48» የሚል የአውሮፓ ቁጥር ያለው፣ ግድ የለኝም። ስልኬ ላይ ሦስት ልኬት ጽፌያለሁ። ወገቡ ተዘርግቶ ከጫፍ ጫፍ 42፣ በሁለት ሲባዛ 84 ማለት ነው። የፊት ከፍታ 30። የውስጥ እግር 76። ለጂንስ ደግሞ 44 ተኩል፣ 24፣ 76። ባለፈው ሐሙስ ሄርማታ አንዷን ሻጭ ሜትር አውሺኝ አልኳት። ሱሪውን ክምሩ ላይ ዘርግቼ ከብሽሽቱ ወደ ላይ ስለካ አየችኝና፣ «እዚያ ጋ ደግሞ ምን ይለካል?» አለችኝ። የራሷን ሱሪ ከፍ ዝቅ አድርጋ እንድትሞክረው ነገርኳት። ሞከረች፣ እግሩ ሲወጣና ሲወርድ አየች፣ ከዚያ ሜትሩን ተቀብላኝ የቀሩትን ሱሪዎች አንድ በአንድ መለካት ጀመረች።