አንድ ካሩሰል፣ አንድ ክህሎት፦ የአማካሪ ዕውቀት በስልክ ስክሪን ላይ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

አብዛኞቻችሁ አማካሪዎች ናችሁ። የምታውቁትን በማኅበራዊ መገናኛ ታካፍላላችሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በጣት እየተገፉ የሚነበቡትን ተከታታይ ገጾች፣ ካሩሰል የምንላቸውን፣ ታዘወትራላችሁ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ከማያቸው አብዛኞቹ አያስተምሩም። «የገንዘብ ፍሰትን ለማሻሻል ሰባት ምክሮች» የሚለውን ያነበበ ሰው ሰባት ትክክለኛ ዓረፍተ ነገሮችን አንብቦ፣ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ያልፋል። በማግስቱ ግን ትናንት ሊሠራው ያልቻለውን ነገር ዛሬም ሊሠራው አይችልም። ዛሬ የማሳያችሁ ከዚህ የተለየ ካሩሰል እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ።

አማካሪያችን የአነስተኛ ድርጅቶችን የገንዘብ ፍሰት የሚያማክር ሰው ነው እንበል። ዕውቀቱ ሰፊ ነው፤ ትንበያ ይሠራል፣ ዕዳ ያስሰበስባል፣ ከአቅራቢዎች ጋር ይደራደራል። ከዚህ ሁሉ አንዱን እንምረጥና ትንበያን እንውሰድ። ትንበያም ቢሆን ገና ሰፊ ነው። በሙያው የተለመደው የ13 ሳምንት ትንበያ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓምድ ደግሞ በስልክ ላይ አይነበብም። ስለዚህ አሁንም እናጥብበው፦ «ይህን ካሩሰል የጨረሰ ሰው፣ በሚቀጥሉት 4 ሳምንታት ውስጥ የድርጅቱ ገንዘብ ከዜሮ በታች የሚወርድበትን ሳምንት ለይቶ ማውጣት ይችላል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ነገር በፊት ትጻፋለች። ማሰሪያ ግሷ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። «ይረዳል» ወይም «ይገነዘባል» ብላ ካበቃች ገና ክህሎቱ አልተገኘም ማለት ነው። ተማሪው በመጨረሻ ወረቀት ላይ ሊያሳየን የሚችል ነገር መኖር አለበት፤ በእኛ ምሳሌ ይህ የተከበበ አንድ ሳምንት ነው።

ቀጥሎ አብዛኞቹ አዘጋጆች አማካሪውን «ይህን እንዴት ይሠሩታል?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ገቢን መጻፍ፣ ወጪን መጻፍ፣ መቀነስ ብሎ ንጹሕ መልስ ይሰጣቸዋል። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ባዶ ነው። እነዚህን ሦስት ደረጃዎች ማንም ሰው ያለ አማካሪ ያውቃቸዋል። ልምድ ያለው ሰው ከሚሠራው ውስጥ ዋናውን ክፍል አይናገረውም፤ ደብቆ ሳይሆን፣ ከብዙ ዓመት ድግግሞሽ በኋላ እየሠራው እንደሆነ ስለማይታወቀው ነው።

ስለዚህ አትጠይቁት፤ አሠሩት። የሚያማክረውን የአንድ ድርጅት እውነተኛ ሰነድ ፊቱ አስቀምጡ፣ ድምፁን ቅረጹ፣ ሲሠራም ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እጁ በቆመ ወይም ቁጥር በሰረዘ ቁጥር ብቻ «አሁን ምን አዩ?» በሉት። በምሳሌያችን አማካሪው ሁለተኛው ሳምንት ላይ የተጻፈ አንድ ትልቅ ገቢን ሰርዞ ወደ አራተኛው ሳምንት ያዛውራል። ለምን? «ይህ ደንበኛ መክፈያው ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ከፍሎ አያውቅም።» ካሩሰሉን የሚሸከመው ይህ መልስ ነው። በሰባቱ ምክሮች ውስጥ አይገኝም፤ ለተማሪው ግን ሁሉም ነገር የሚለወጠው በእሱ ነው።

አሁን ገጾቹን እንደርድር። ቁጥሮቹን ከድርጅቱ ሰነድ አትውሰዱ፤ ስም ቢጠፋም የገቢና የወጪ ልኩ ብቻ ድርጅቱን ለሚያውቀው ሰው ሊያጋልጠው ይችላል። በአእምሮ ለመደመር የሚቀሉ አዳዲስ ቁጥሮች ፍጠሩ።

የመጀመሪያው ገጽ ያችን ዓረፍተ ነገር በተማሪው ቋንቋ ይናገራል፦ «ከ4ቱ ሳምንታት ገንዘብዎ የሚያልቀው በየትኛው ነው?» ሁለተኛው ገጽ የተጠናቀቀውን ሠንጠረዥ፣ ሦስተኛው ሳምንት በቀይ ተከብቦ ያሳያል። አንዳንዶች መጨረሻውን በመጀመሪያ ማሳየት ጉጉትን ይገድላል ይላሉ። አልስማማም። ተማሪው ወዴት እንደሚሄድ ካላወቀ፣ መሀል መንገድ ላይ ቁጥሮቹ ለምን እንደሚጻፉ ይጠፋበታል። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ ኢንስታግራም ካሩሰሉን አይቶ ላልገፋ ሰው በሌላ ጊዜ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። ሁለተኛው ገጽ እንግዲህ ለብቻው መቆም አለበት።

በሦስተኛው ገጽ ዛሬ በባንክ ያለው ገንዘብ ይጻፋል፦ 120 ሺህ። በሂሳብ መዝገብ ላይ ያለው ትርፍ እንዳይደለ በአንድ አጭር መስመር እንገልጻለን። በአራተኛው ገጽ ገቢዎቹ በክፍያ መጠየቂያው ላይ በተጻፈው የመክፈያ ቀን መሠረት በየሳምንቱ ይሰፍራሉ፦ 30፣ 100፣ 10 እና 30 ሺህ። በአምስተኛው ገጽ ከሁለተኛው ሳምንት 100 ሺህ ውስጥ ዘግይቶ ከሚከፍለው ደንበኛ የሚጠበቀው 80 ሺህ ወጥቶ ወደ አራተኛው ይሄዳል፤ ገቢዎቹም 30፣ 20፣ 10 እና 110 ይሆናሉ። በዚህ ገጽ ላይ ሌላ ምንም ነገር አይደረግም። መመሪያው አንድ ነው፦ «ከእያንዳንዱ ገቢ አጠገብ ይህ ደንበኛ ባለፈው ጊዜ ስንት ቀን ዘግይቶ እንደከፈለ ይጻፉ፤ ገቢውንም በዚያው ልክ ያዛውሩ።»

ስድስተኛው ገጽ ወጪዎቹን ይይዛል፦ 50፣ 60፣ 90 እና 40 ሺህ፤ ሦስተኛው ሳምንት የደመወዝ ሳምንት ነው። ሰባተኛው ገጽ ቀሪውን ያሰላል። ከአንደኛው ሳምንት በኋላ 100፣ ከሁለተኛው በኋላ 60፣ ከሦስተኛው በኋላ ከዜሮ በታች 20፣ ከአራተኛው በኋላ ደግሞ 50 ሺህ።

ስምንተኛው ገጽ ማረጋገጫ ነው፤ በአብዛኞቹ ካሩሰሎች የሚጎድለውም እሱ ነው። ተማሪው ብቻውን ነው፤ ትክክል መሥራቱን የሚነግረው ሰው የለም። የተለመደው ማረጋገጫ ድምር ነው፦ መነሻው 120፣ ገቢው በሙሉ 170፣ ወጪው በሙሉ 240፤ ቀሪው 50። ልክ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 80 ሺሁን ሳያዛውር ያለፈ ተማሪም 50 ያገኛል! የእሱ ቀሪዎች 100፣ 140፣ 60 እና 50 ይሆናሉ፤ አንዱም ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ድምሩም ይገጥማል፣ ሦስተኛው ሳምንት ሲደርስ ግን ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ አይኖረውም። ስለዚህ ማረጋገጫው ሁለት መሆን አለበት። ድምሩ የስሌት ስህተትን ይይዛል። የቀን ስህተትን የሚይዘው ደግሞ ይህ ጥያቄ ነው፦ «የዘገየበት ቀን ያልተጻፈበት ገቢ ቀርቷል?» ማረጋገጫ ስታዘጋጁ ሁልጊዜ ስህተቱን ራሳችሁ ሆን ብላችሁ ሥሩትና ማረጋገጫው ይይዘው እንደሆነ ተመልከቱ።

ዘጠነኛው ገጽ ተማሪው በራሱ ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያውን ከዜሮ በታች የሆነ ሳምንት እንዲያከብበው ይጠይቃል፤ እዚያ ያበቃል። «ጉድለቱን እንዴት ልሙላ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ አማካሪውም መልሱን በአሥረኛው ገጽ ለመጨመር ይቸኩላል። ከልክሉት። ያ ሌላ ክህሎት ነው፣ ሌላ ካሩሰል ይገባዋል። ኢንስታግራም በ2024 የገጽ ጣሪያውን ከ10 ወደ 20 አሳድጓል፤ ቦታ መኖሩ ግን ሁለት ክህሎት ለመጫን ፈቃድ አይደለም።

ስለ ገጽታው የምለው አጭር ነው። በዘጠኙም ገጾች ሠንጠረዡ አንድ ቦታ ላይ ይቁም፤ በመጠንም በቦታም ንቅንቅ አይበል። በእያንዳንዱ ገጽ አዲስ የመጣው ቁጥር ብቻ ቀለም ይኑረው፣ የቀደሙት ግራጫ ይሁኑ። ያን ጊዜ ጣት ገጹን ሲገፋ ዓይን የሚያየው የተለወጠውን ብቻ ነው፤ 80 ሺሁም ከዓምድ ወደ ዓምድ ሲዘል ይታያል። የገጹ ልክ 1080 በ1350 ፒክስል ቢሆን የስልኩን ስክሪን በደንብ ይሞላል፤ በዚህ ልክ ላይ ከ40 ፒክስል ያነሰ ፊደል አትጠቀሙ። ጽሑፉ አልገባ ካለ ፊደሉን አታሳንሱ፤ ገጹ ሁለት ተግባር ተሸክሞ እንደሆነ ፈትሹ። ለሊንክድኢን ያንኑ ሥራ እንደ ፒዲኤፍ ሰነድ ብትጭኑት እያንዳንዱ ገጽ በጣት የሚገፋ ይሆናል።

ከማውጣታችሁ በፊት ክህሎቱን ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡት፤ ወረቀትና እርሳስም አብራችሁ ስጡት። አታስረዱት። «ገብቶሃል?» ብላችሁም አትጠይቁት፤ ሰው ለትሕትና ሲል ገብቶኛል ይላል። ጣቱን ተከታተሉ። ከሰባተኛው ገጽ ወደ አምስተኛው ከተመለሰ የተበላሸው አምስተኛው ነው፤ ሰባተኛውን አታርሙ። እርሳሱ ከቆመ ደግሞ ገጹ «ይወስኑ» ወይም «ይገምቱ» የሚል፣ በውስጡ ያልተነገረ ደረጃ የያዘ ግስ እንዳለው ፈልጉ።

የማይሠራበትንም ልንገራችሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጎደለውን ለመሙላት የትኛውን አቅራቢ ታገሰኝ ማለት እንደሚሻል በካሩሰል አይማሩትም። ያ በግንኙነቱ ታሪክ፣ በውሉ ቃልና በሌላው ወገን አቅም የሚወሰን ነው፤ አማካሪው ራሱ ሳይጠይቅ አይመልሰውም። የአንድ ጥያቄ መልስ ራሱ ሌላ ጥያቄ ከሆነ ጉዳዩ ለምክክር እንጂ ለገጽ አይሆንም። ዕውቀቴን በነፃ ሰጠሁ ብለው የሚሰጉ አማካሪዎች ድንበሩ እዚህ ጋር እንደሆነ ቢያዩ ስጋታቸው ይቀንስ ነበር።

ከገጾቹ በታች በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ትምህርቱን አትድገሙ። ሠንጠረዡ የማይመለከታቸውን ንገሩበት፦ ገቢው በየዕለቱ በእጅ የሚሰበሰብ ድርጅት አምስተኛው ገጽ አያስፈልገውም፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ ግብር ወይም የመድን ክፍያ ያለበት ደግሞ በ4ቱ ሳምንታት ውስጥ ይወድቅ እንደሆነ ማየት አለበት። ከወጣ በኋላ «ግሩም ነው» የሚሉትን አስተያየቶች ተዉአቸው። ስንት ሰው አስቀመጠው የሚለውን ተመልከቱ፤ ከዚያም በላይ «የእኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወረደ» የሚል ሰው ፈልጉ። እሱ ሠንጠረዡን ሠርቶታል፤ ቀጣዩ ካሩሰልም እሱ በሚያነሳው ጥያቄ ይጀምራል።

ሠንጠረዦቹ በስክሪኑ ላይ አሉ፤ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።